ከመግቢያ ቅጹ እስከ ዳታቤዙ፦ ቃለ መጠይቅ ላይ የሚነሳው የደኅንነት ጥያቄ

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2009 ሮክዩ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ዳታቤዝ ተዘረፈ። ኩባንያው ለማይስፔስና ለፌስቡክ ተጠቃሚዎች የፎቶ ማሳያና የመሳሰሉ ትንንሽ መተግበሪያዎችን የሚሠራ ነበር። ሰርጎ ገቡ የገባበት መንገድ አዲስ አልነበረም፤ ኤስኪውኤል ኢንጄክሽን ይባላል፣ ለሕዝብ በጽሑፍ ከተገለጠም አሥር ዓመት አልፎት ነበር። ያስደነገጠው ውስጥ የተገኘው ነው። ከ32 ሚሊዮን በላይ የይለፍ ቃሎች ተጠቃሚዎቹ በጣታቸው እንደጻፏቸው፣ አንዲት ፊደል ሳትሸፈን ተቀምጠዋል። ኢምፐርቫ የተባለው የደኅንነት ድርጅት ዝርዝሩን ሲመረምር ከ290 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች የመረጡት የይለፍ ቃል 123456 ሆኖ ተገኘ።

የሮክዩ ታሪክ ሁለት ስህተቶች የተገናኙበት ነው። አንደኛው ሌባውን አስገባ፣ ሁለተኛው የገባው ሌባ ባዶ እጁን እንዳይወጣ አደረገ። የፕሮግራመርነት ሥራ ለሚፈልግ ሰው ይህን ታሪክ የማነሳው በዚህ ምክንያት ነው። በአዲስ አበባ ቢሮም ይሁን ከውጭ በርቀት በሚቀጥር ድርጅት፣ ጀማሪ ፕሮግራመር ስለ ደኅንነት ሲጠየቅ ሦስት ነገሮች ደጋግመው ይመጣሉ፦ ኢንጄክሽን ምንድን ነው? የይለፍ ቃል እንዴት ይቀመጣል? ማንነትን ማረጋገጥና ፈቃድ መስጠትስ በምን ይለያያሉ? አብዛኛው አመልካች የሦስቱንም ትርጉም በቃሉ ይዞ ይመጣል። ጠያቂው «ከዚያስ?» ብሎ ሁለተኛውን ጥያቄ ሲያስከትል ግን ብዙዎች ይቆማሉ፤ ሦስቱ ነገሮች በአንድ መንገድ ላይ ተከታትለው የሚገኙ መሆናቸውን የነገራቸው የለምና። እኛ ያንን መንገድ እንከተለው። ደንበኞች ኢሜይልና የይለፍ ቃል አስገብተው የወር ሒሳባቸውን የሚያዩበት አንድ ድረ ገጽ አለ እንበል። ደንበኛው «ግባ» የሚለውን ሲጫን ምን ይሆናል?

በቅጹ ላይ የተጻፈው ኢሜይል ወደ ሰርቨሩ ይሄዳል፤ ሰርቨሩም ዳታቤዙን «እንዲህ ያለ ሰው አለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ በድሮው አሠራር የሚያዘጋጀው ኮድ ይህን ይመስላል፦

```
$sql = "SELECT * FROM users WHERE email = '" . $email
     . "' AND password = '" . $pass . "'";
```

ፕሮግራመሩ እዚህ ላይ የሠራው ነገር ሁለት ጽሑፎችን መቀጠል ነው፤ የራሱን ትእዛዝና ከማያውቀው ሰው የመጣውን ቃል። ዳታቤዙ ጋ ሲደርስ ሁሉም አንድ ወጥ ጽሑፍ ሆኗል። የትኛው ክፍል ከፕሮግራመሩ፣ የትኛው ከደንበኛው እንደመጣ የሚለይበት መንገድ የለውም። የኢሜይሉ ቃል የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ የሚነግረው ነጠላው የጥቅስ ምልክት ብቻ ነው፤ ያን ምልክት ደግሞ ደንበኛውም መጻፍ ይችላል። አንድ ሰው በኢሜይል ሳጥኑ ውስጥ `' OR 1=1 -- ` ብሎ ቢጽፍና የይለፍ ቃሉን ባዶ ቢተወው ዳታቤዙ የሚደርሰው ይህ ነው፦

```
SELECT * FROM users WHERE email = ''
OR 1=1 -- ' AND password = ''
```

የመጀመሪያው ጥቅስ ኢሜይሉን ዘጋው። ቀጥሎ ያለው «ወይም አንድ ከአንድ ጋር እኩል ከሆነ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ሁልጊዜ እውነት ነው። ሁለቱ ሰረዞች ደግሞ ከእነርሱ በኋላ ያለውን ሁሉ ማስታወሻ አድርገው ስለሚያስቆጥሩት የይለፍ ቃሉ ምርመራ ከነጭራሹ ቀረ። ዳታቤዙ የሁሉንም ተጠቃሚዎች ረድፍ ይመልሳል፤ ፕሮግራሙም የመጀመሪያውን ረድፍ ወስዶ «እንኳን ደህና መጡ» ይላል። የመጀመሪያው ረድፍ ብዙ ጊዜ ድረ ገጹ ሲሠራ የተመዘገበው አስተዳዳሪ ነው።

ይህ የጥቃቱ ቀላሉ መልክ ነው። እንዲህ ያለ ቀዳዳ በአንድ የፍለጋ ሳጥን ላይ ከተገኘ፣ `UNION SELECT` በሚለው ትእዛዝ የሌላ ሠንጠረዥ ይዘት ከፍለጋው ውጤት ጋር ተቀጥሎ እንዲወጣ ማድረግ ይቻላል። የዕቃ ዝርዝር ሊወጣበት የተሠራው ገጽ የኢሜይልና የይለፍ ቃል ዝርዝር ያወጣል ማለት ነው።

መከላከያውን የተጠየቀ አመልካች ቶሎ የሚሰጠው መልስ «የጥቅስ ምልክቱን ማጣራት» የሚል ነው። ለእኛ ይህ መልስ በተለይ መጥፎ ነው። ስማቸው በላቲን ፊደል ሲጻፍ በመሐሉ ነጠላ ጥቅስ የሚገባበት ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው፤ «ሰዓረ» የሚለው ስም `Se'are` ተብሎ የሚጻፍበት ጊዜ አለ። ምልክቱን የሚከለክል ቅጽ እነዚህን ሰዎች በስማቸው እንዳይመዘገቡ ያደርጋል፤ ቁጥር በሚጠበቅበት ቦታ ለሚገባ ጥቃት ደግሞ ምንም አያደርግም፤ እዚያ ጥቅስ አያስፈልግምና። ትክክለኛው መፍትሔ ፕሪፔርድ ስቴትመንት ይባላል፦

```
$stmt = $pdo->prepare(
  "SELECT id, password_hash FROM users WHERE email = ?");
$stmt->execute([$email]);
```

ልዩነቱ ትእዛዙና የደንበኛው ቃል ለየብቻ መሄዳቸው ነው። ዳታቤዙ አስቀድሞ ትእዛዙን ብቻ ተቀብሎ ትርጉሙን ይጨርሳል፤ በጥያቄ ምልክቱ ቦታ አንድ ዋጋ እንደሚመጣ ያውቃል። ዋጋው ሲመጣ የትእዛዙ ትርጉም አልቋልና ምንም ቢይዝ ዋጋ ብቻ ነው። የቀበሌ ቅጽ ላይ «ስም» በሚለው ባዶ ቦታ የፈለጉትን ቢጽፉ ቅጹ ሌላ ቅጽ እንደማይሆን ሁሉ፣ ከላይ ያየነው የጥቃት ቃልም እዚህ እንደ ኢሜይል ይፈለጋል፤ እንዲህ የሚባል ኢሜይል ስለሌለም ውጤቱ ባዶ ይሆናል። ሰዓረም በስሙ ይመዘገባል።

ጥሩ ጠያቂ «ከዚያስ? ይህ የማይሠራበት ቦታ አለ?» ማለቱ አይቀርም። አለ። በጥያቄ ምልክት መተካት የሚቻለው ዋጋ ብቻ ነው፤ የሠንጠረዥ ወይም የዐምድ ስም አይቻልም። ደንበኛው «በቀን ደርድርልኝ» ወይም «በዋጋ ደርድርልኝ» ብሎ ሲመርጥ የሚደረደርበት ዐምድ ስም ወደ ትእዛዙ መግባት አለበት። እዚያ ላይ ፕሮግራመሩ የተፈቀዱትን ዐምዶች ዝርዝር በኮዱ ውስጥ ይይዝና ከደንበኛው የመጣው ቃል ከዚያ ዝርዝር አንዱ መሆኑን ያያል፤ ካልሆነ አይቀበለውም። ሌላው የሚያዘናጋ ነገር በምዝገባ ጊዜ በጥንቃቄ የገባ ስም ከወራት በኋላ ሌላ ፕሮግራመር ለሪፖርት ሲጠቀምበት በድሮው የመቀጠል ዘዴ ትእዛዝ ውስጥ መግባቱ ነው። ከራሳችን ዳታቤዝ ስለወጣ የታመነ ይመስለዋል። ያ ቃል ግን መጀመሪያ የመጣው ከማናውቀው ሰው ነው።

ራስዎ በሠሩት ወይም እንዲፈትሹ በተፈቀደልዎ ድረ ገጽ ላይ ቀዳዳ መኖሩን ማወቅ ከባድ አይደለም። በሳጥኑ ውስጥ አንድ ነጠላ ጥቅስ ብቻ አስገብቶ የዳታቤዝ ስህተት የሚያሳይ ገጽ ቃሉን ከትእዛዙ ጋር እየቀጠለ ነው ማለት ይቻላል። ስህተቱ ለደንበኛ ባይታይም ቀዳዳው አለመኖሩን አያረጋግጥም፤ ዳታቤዙ አምስት ሰከንድ እንዲጠብቅ የሚያዝ ቃል ተልኮለት ገጹ በእርግጥ አምስት ሰከንድ ቢዘገይ ትእዛዙ ተፈጽሟል።

አሁን ኢሜይሉ በሰላም ተፈልጎ የደንበኛው ረድፍ ተገኝቷል። በአዲሱ ኮድ ላይ የይለፍ ቃሉ ትእዛዙ ውስጥ አለመኖሩን ልብ ይሏል። ዳታቤዙ የይለፍ ቃሉን አያውቀውምና ሊያወዳድር አይችልም፤ ማወቅም የለበትም።

እዚህ ላይ አመልካቾች በብዛት «የይለፍ ቃሉን እናመሰጥረዋለን» ይላሉ። የተመሰጠረ ነገር በቁልፍ ይፈታል፤ ቁልፉ ደግሞ ሰርቨሩ ሊደርስበት በሚችልበት ቦታ ይኖራል፤ ሰርቨሩን የያዘ ሰው ቁልፉንም ሊይዝ ይችላል። አዶቢ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲዘረፍ የይለፍ ቃሎቹ የተመሰጠሩ ነበሩ። ነገር ግን አንድ ዓይነት የይለፍ ቃል ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ምስጢራዊ ጽሑፍ ይሰጥ ነበርና ማን ከማን ጋር አንድ የይለፍ ቃል እንዳለው ያለ ቁልፍ ይታያል። ተጠቃሚዎች «እንዳልረሳው» ብለው የጻፏቸው ማስታወሻዎች አጠገባቸው ሳይመሰጠሩ ስለነበሩ ብዙዎቹን ከማስታወሻዎቹ መገመት ተቻለ።

ለይለፍ ቃል የሚያስፈልገው ሀሽ ነው፤ ወደ ኋላ የማይመለስ ስሌት። ከይለፍ ቃሉ ሀሹ ይወጣል፣ ከሀሹ ግን የይለፍ ቃሉ አይወጣም። ደንበኛው በገባ ቁጥር የጻፈው ቃል እንደገና ይሰላና ከተቀመጠው ጋር ይመሳከራል። የአማርኛ የይለፍ ቃል ለሚጠቀም ሰው አንድ ነገር ልጨምር፦ ለአንባቢ «ፀሐይ» እና «ጸሐይ» አንድ ናቸው፤ ሀሻቸው ግን ምንም ዝምድና የለውም። በየትኛው ፊደል እንደተመዘገቡ ያልያዙ ሰው ከደጅ ይቀራሉ።

ይሁንና ማንኛውም ሀሽ አይበቃም። ሊንክድኢን እ.ኤ.አ. በ2012 ሲዘረፍ የይለፍ ቃሎቹ ሻ-1 በተባለ ዘዴ ሀሽ ተደርገው ነበር፤ 6.5 ሚሊዮን ያህል ሀሾች ኢንተርኔት ላይ ወጡ፣ አብዛኞቹም ብዙ ሳይቆዩ ተሰበሩ። ሰባሪው ሀሹን ወደ ኋላ አልመለሰም። የሚገመቱ ቃሎችን አንድ በአንድ ሀሽ እያደረገ ከተዘረፈው ጋር አመሳከረ። እዚህ ላይ ሁለት ችግሮች አሉ። ሻ-1 የተሠራው ፈጣን እንዲሆን ነው፤ አንድ ጥሩ ግራፊክስ ካርድ በሰከንድ በቢሊዮን የሚቆጠር ግምት ይሞክርበታል። ከዚያም ሁሉም ሰው በአንድ ዓይነት ስሌት ስለተሰላ አንድ ግምት አንድ ጊዜ ተሰልቶ በሚሊዮኖች ሀሽ ላይ ይሞከራል።

የሁለተኛው ችግር መድኃኒት ሶልት ይባላል። ለእያንዳንዱ ደንበኛ የተለየ፣ በዕጣ የወጣ ቁራጭ ጽሑፍ ከይለፍ ቃሉ ጋር ተጨምሮ ይሰላል። ሁለት ሰዎች 123456 ቢመርጡ እንኳ ሀሻቸው ይለያል፤ ሰባሪውም ለእያንዳንዱ ሰው ከዜሮ መጀመር ይኖርበታል። ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምሰን በዩኒክስ ላይ ይህን እንዴት እንደሠሩት እ.ኤ.አ. በ1979 ጽፈውታል፤ ሊንክድኢን ከዚያ በኋላ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ሳይጠቀምበት ተገኘ። ለመጀመሪያው ችግር የሚሆነው ደግሞ ሆን ተብሎ የዘገየ ስሌት ነው። ቢክሪፕት እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ለዚህ ነው፤ አዲሱና በብዙዎች የሚመረጠው አርጎን-2 ደግሞ ብዙ ሜሞሪ ስለሚጠይቅ ግራፊክስ ካርዶችን የበለጠ ያደክማል። በቢክሪፕት የተሰላ ሀሽ ዳታቤዝ ውስጥ ይህን ይመስላል፦

```
$2a$12$R9h/cIPz0gi.URNNX3kh2OPST9/PgBkqquzi.Ss7KIUgO2t0jWMUW
```

`2a` የዘዴው ስሪት ነው። `12` የዝግመቱ መጠን ሲሆን ስሌቱ 2 በ12 ጊዜ ተባዝቶ፣ ማለትም 4096 ዙር እንደሚሄድ ይናገራል፤ ቁጥሩ በአንድ ባደገ ቁጥር ጊዜው እጥፍ ይሆናል። ቀጥለው ያሉት 22 ምልክቶች ሶልቱ ናቸው፣ የመጨረሻዎቹ 31 ደግሞ ሀሹ። ሶልቱ እዚያው በግልጽ መቀመጡ ቃለ መጠይቅ ላይ ብዙዎችን ያደናግራል። ሶልት ምስጢር አይደለም፤ ሥራው ጅምላውን ወደ ችርቻሮ መቀየር ነው።

ምን ያህል እንደሚረዳ በቁጥር እንየው። ከሮክዩ የወጣው ዝርዝር የተደጋገመው ሲቀነስ ወደ 14 ሚሊዮን የሚጠጋ ቃል ሲሆን፣ ዛሬም `rockyou.txt` በሚል ስም የፈታሾችም የሰባሪዎችም መነሻ ነው። በሻ-1 ይህን ዝርዝር በሙሉ ለመሞከር አንድ ግራፊክስ ካርድ አንድ ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም፤ ሶልት ከሌለ ደግሞ በዚያ ጊዜ የሁሉም ደንበኛ ይፈተሻል። በቢክሪፕት አንዱ ስሌት ሩብ ሰከንድ የሚወስድ ከሆነ 14 ሚሊዮን ግምት 3.5 ሚሊዮን ሰከንድ ይሆናል፤ ያውም 40 ቀን ገደማ፣ ለአንድ ደንበኛ ብቻ። ሰባሪው ከእኛ ሰርቨር የፈጠኑ ብዙ ማሽኖች ሊኖሩት ስለሚችል ጊዜው ያጥራል፤ ነገር ግን ሥራው በደንበኞቹ ቁጥር ይባዛል። 123456 ያለውን ሰው ግን ይህ ሁሉ አያድነውም፤ የመጀመሪያው ግምት እርሱ ነው። ስለዚህ በምዝገባ ጊዜ የታወቁ ደካማ ቃሎችን አለመቀበል የዚሁ መልስ አካል ነው።

ቢክሪፕት በፊደላችን ላይ የሚያመጣው አንድ ወሰን አለ። ከይለፍ ቃሉ የሚያየው የመጀመሪያዎቹን 72 ባይቶች ብቻ ነው። የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ 24 ፊደል ላይ ቦታው ያልቃል። ረጅም የአማርኛ ዓረፍተ ነገር በይለፍ ቃልነት ቢመርጡ ከዚያ በኋላ ያለው በብዙ ላይብረሪዎች ውስጥ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይቆረጣል፤ መጨረሻው የተለያየ ሁለት ዓረፍተ ነገርም እንደ አንድ ይቆጠራል። ለአማርኛ ተጠቃሚ የሚሠራ ፕሮግራመር ይህን ለክቶ ርዝመቱን መወሰን፣ ወይም አርጎን-2ን መምረጥ አለበት።

ሀሹ ተመሳከረ፣ ትክክል ሆነ። ሰርቨሩ ለደንበኛው ሴሽን ከፈተለት፤ ከእንግዲህ የሚመጣው ጥያቄ ሁሉ የዚህ ሰው መሆኑን ያውቃል። ማንነትን ማረጋገጥ የሚባለው ኦተንቲኬሽን እዚህ አበቃ። ብዙ ፕሮግራመሮች ደኅንነቱም እዚህ ያበቃ ይመስላቸዋል። እኔ ከሦስቱ ጥያቄዎች ይህን አስበልጬ የምፈራው በዚህ ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 ሲቲግሩፕ የክሬዲት ካርድ ደንበኞቹ መረጃ እንደወጣ አስታወቀ፤ የተነካው ከ360 ሺህ በላይ ሒሳብ ነበር። በወቅቱ እንደተዘገበው ሰርጎ ገቦቹ እንደማንኛውም ደንበኛ ገቡ፤ ከገቡ በኋላ በድረ ገጹ አድራሻ ላይ የሚታየውን የሒሳብ ቁጥር በሌላ ቁጥር ቀየሩት። የሌላ ሰው ሒሳብ ተከፈተ። ከዚያ ይህንኑ የሚደጋግም ፕሮግራም ተጠቀሙ። ኢንጄክሽን አልነበረም፣ የይለፍ ቃልም አልተሰበረም። ሰርቨሩ «ይህ ሰው ማን ነው?» ብሎ ጠይቆ ትክክለኛ መልስ አገኘ፤ «ይህ ሰው ይህን ሒሳብ ማየት ይችላል?» ብሎ ግን አልጠየቀም። ያኛው ጥያቄ ኦቶራይዜሽን፣ የፈቃድ ጥያቄ ነው።

በእኛ ድረ ገጽ ላይ ስህተቱና እርማቱ የአንድ ሐረግ ልዩነት ናቸው፦

```
SELECT * FROM statements WHERE id = ?
SELECT * FROM statements WHERE id = ? AND owner_id = ?
```

የመጀመሪያው መስመር ፕሪፔርድ ስቴትመንት ነው፤ ኢንጄክሽንን በሚገባ ይከላከላል፤ ያም ሆኖ የማንንም ሒሳብ ለማንም ይሰጣል። ሁለተኛው የሒሳቡ ባለቤት መሆንን ይጠይቃል። የባለቤቱ ቁጥር ሰርቨሩ ራሱ ከያዘው ሴሽን መምጣት አለበት። ከአድራሻው ወይም ከቅጹ ከተወሰደ ደንበኛው የሒሳቡን ቁጥር እንደቀየረው ያንንም ይቀይረዋል።

«ቁጥሩን ረጅምና የማይገመት ብናደርገውስ?» የሚል መልስ ይሰማል። መገመትን ያከብዳል። ነገር ግን አድራሻው በኢሜይል ይላካል፣ በአሳሹ ታሪክ ውስጥ ይቀመጣል፣ በስክሪን ፎቶ ይወጣል፤ በደረሰበት ቦታ ሁሉ ፈቃድ የማይጠይቅ ገጽ ይከፈታል። «ቁልፉን ከስክሪኑ ላይ ደብቀነዋል» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ አጥቂው የሚያወራው በቀጥታ ከሰርቨሩ ጋር ነውና።

ይህ ስህተት ከኢንጄክሽን ይልቅ ተደብቆ የሚኖረው ምንም ነገር ስለማይሰበር ነው። የዳታቤዝ ስህተት አይታይም፣ ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ጥያቄ 200 ብሎ በደስታ ይመልሳል። የሚገኘው ሆን ተብሎ ሲፈለግ ነው። ሁለት የሙከራ ደንበኞች ይከፈታሉ፤ በአንዱ ተገብቶ የሌላው ሒሳብ አድራሻ ይጠየቃል። ያልገባ ሰው ሲጠይቅ ሰርቨሩ 401 ሊመልስ ይገባል፤ የገባ ግን ያልተፈቀደለት ሰው ሲጠይቅ 403፣ ሒሳቡ መኖሩንም ማሳወቅ ካልተፈለገ 404። ይህ ሙከራ ለማየት ብቻ ሳይሆን ለመቀየርና ለመሰረዝም፣ በየገጹ፣ አዲስ ኮድ በወጣ ቁጥር በራሱ እንዲሄድ ተደርጎ ይጻፋል፤ ትላንት የተጨመረው «በፒዲኤፍ አውርድ» የሚለው ቁልፍ ከዋናው ገጽ በተለየ ኮድ የሚሠራ ሊሆን ይችላልና። በሥራ ላይ ባለው ሰርቨር መዝገብ ውስጥ ደግሞ የሚፈለገው በአንድ ሴሽን ስንት የተለያየ የሒሳብ ቁጥር እንደተጠየቀ ነው። አንድ ደንበኛ የራሱን ሁለትና ሦስት ሒሳብ ያያል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሺህ ተከታታይ ቁጥር የጠየቀ ሴሽን ወዲያውኑ መዘጋት አለበት።